የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት መውጫውን አንብቡ

ስለ ሥራ ውል የሚመክር ሰው ሁሉ «ከመፈረምሽ በፊት በደንብ አንብቢ» ይላል። እኔ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ደመወዙን አየሁ፣ የሥራ መደቡን አየሁ፣ የዓመት ፈቃዱን አየሁ። ማንም ያልነገረኝ ውል ከኋላ ወደ ፊት እንደሚነበብ ነው። መጀመሪያ መልቀቂያው፣ ቀጥሎ ከለቀቁ በኋላ የሚከለከለው፣ ከዚያ የትርፍ ሰዓቱ፣ መጨረሻ ላይ ደመወዙ። ደመወዝ እኮ ማንም አይደብቅባችሁም። ቃለ መጠይቁ ላይ ተነጋግራችሁበታል።

የሠራሁት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ነው። የምግብና የንጽሕና ዕቃ ለጅምላ ሱቆችና ለሱፐርማርኬቶች እናከፋፍላለን። መደቤ የሽያጭ ሱፐርቫይዘር ነበር። ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አምስት ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽ ሥር ላይ የሚፈረምበት ነው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። የምጽፈው ነገር የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነም ነው። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼን ውል እየተቀበልኩ ሳይ ግማሹ አንቀጽ ቃል በቃል አንድ ነው። ከአንድ ቦታ እየተቀዳ የሚዞር ይመስላል።

ሕጉን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምወደው አንቀጽ 4 ነው። የሥራ ውል በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ከተቀመጠው ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው መስጠት አይችልም ይላል። ማለትም ፈርማችሁም ቢሆን ከሕጉ በታች የወረደ ነገር አይጸናባችሁም። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ምን እንደሚመስል ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

የሙከራ ጊዜውን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ አልተጎዳሁበትም። የኔ ውል «ሦስት ወር፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሚራዘም» ይል ነበር። አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። «የሥራ ቀን» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ወር ማለት አይደለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ 10 ሳምንት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ከሆነ 12 ሳምንት፣ ማለት ሦስት ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። በዓል ካለ ደግሞ ትንሽ ይገፋል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ አምስት ቀን የሚሠራ ሰው «ሦስት ወር» የሚል ውል ሲያይ ጠብ ባይጀምር ይሻላል። «እንደ አስፈላጊነቱ የሚራዘም» የሚለውን ግን ሰርዙልኝ በሉ። ማራዘም የለም። 60ው ቀን አልፎ ሥራ ላይ ካላችሁ፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሠራተኛ ናችሁ። በሙከራ ጊዜ አሠሪው ብቁ አይደለሽም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል፣ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሉ ላይ ያለውን ቀን እዩ። እኛ ጋ ሰው ሥራ ይጀምርና ውሉ ከሳምንታት በኋላ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ቀኑም የተፈረመበት ቀን ይሆናል። ቆጠራው መጀመር ያለበት ግን ሥራ ከገባችሁበት ቀን ነው። የሙከራ ስምምነት ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ የለም። ሥራ የጀመራችሁበት ቀን እንዲጻፍ ጠይቁ። ካልጻፉ ከፊርማችሁ አጠገብ በእጃችሁ ጻፉት።

ትርፍ ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ። ውሌ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበረው። አንዱ «ደመወዙ ማንኛውንም የትርፍ ሰዓት ሥራ ያጠቃልላል» የሚል፣ ሁለተኛው «ሠራተኛዋ የሥራ መሪ መሆኗን ትቀበላለች» የሚል። የመጀመሪያው ያናድዳል፣ አደገኛው ግን ሁለተኛው ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የሥራ መሪ ከሆናችሁ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜም፣ አንቀጽ 4ም በዚህ አዋጅ አይጠብቋችሁም። ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ትሄዳላችሁ።

ደግነቱ የሥራ መሪነት በመጠሪያ አይመጣም። አዋጁ የሚጠይቀው ሥልጣን ነው። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን አላችሁ ወይ? እኔ በሱፐርቫይዘርነቴ ስድስት የሽያጭ ሠራተኞች ነበሩኝ። ከእነሱ አንዱን ለግማሽ ቀን እንኳ ማስቀረት አልችልም ነበር። ለፎቶ ኮፒ ወረቀት ፈቃድ የምጠይቅ «መሪ» ነበርኩ። ቢሆንም ያ ዐረፍተ ነገር በፊርማዬ ሥር መኖሩ በኋላ ላይ የድርጅቱ ጠበቃ የመጀመሪያ መከራከሪያ ሆነ። ስለዚህ ቢሮ በር ላይ «ማኔጀር» ብለው ቢለጥፉላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ውሉ ላይ ግን «የሥራ መሪ» የሚለውን አስወጡ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ደመወዜ 15,600 ብር ነበር። በሳምንት 48 ሰዓት ማለት በወር በአማካይ 208 ሰዓት ነው። 15,600ን ለ208 ስታካፍሉ የአንድ ሰዓት ዋጋ 75 ብር ይመጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያለ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 112 ብር ከ50። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ 131 ብር ከ25። በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ 150 ብር። በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል፣ 187 ብር ከ50።

አሁን የሰኔን ቆጠራ አስቡ። የበጀት ዓመት ሲዘጋ መጋዘን ይቆጠራል። ሽያጭ ክፍልም ይጠራል። ሦስት ቀን ማታ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ስንቆጥር አመሸን እንበል። 12 ሰዓት በ112.50፣ 1,350 ብር። እሑድ ስምንት ሰዓት በ150፣ 1,200 ብር። በአንድ ሳምንት 2,550 ብር ማለት ነው። እኛ ያገኘነው ፒዛና «እናመሰግናለን፣ ቤተሰብ ናችሁ» የሚል መልእክት ነው። ሕጉ ደግሞ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ያለ ምክንያትም አይታዘዝም፤ ሲታዘዝም አሠሪው ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት መመዝገብ አለበት።

አሠሪው እንደማይመዘግብ እናንተም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ማስረጃው እናንተ ጋ ይሁን። ትርፍ ሰዓት ሆኖ የሚቆጠረው ታዝዛችሁ ስትሠሩ ነው። በራሳችሁ ፈቃድ ስታመሹ አይደለም። እኛ ጋ ትእዛዝ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ነገ ከ12 ሰዓት በኋላ ማንም እንዳይወጣ፣ ቆጠራ አለ» የሚለውን መልእክት ስክሪንሾት አድርጌ ይዤዋለሁ። ከሥራ ስትለቁ መጀመሪያ የሚያስወጧችሁ ከግሩፑ ነው።

ዋናው ጉድ ግን የማስጠንቀቂያው ጊዜ ነው።

ውሉ እንዲህ ይል ነበር። ሠራተኛዋ ሥራ ለመልቀቅ ስትፈልግ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። ካልሰጠች የሦስት ወር ደመወዝ ትከፍላለች፤ ይህም ከማንኛውም ቀሪ ክፍያዋ እንዲቀነስ ተስማምታለች። ድርጅቱ ሲያሰናብታት ግን የአንድ ወር ይሰጣል። እነሱ አንድ፣ እኔ ሦስት!

አዋጁ ምን ይላል? በአንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ምክንያት እንኳ አይጠየቅም። አሠሪው ሲያሰናብት ግን በአንቀጽ 35 እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። ሠራተኛው ሳያስጠነቅቅ ጥሎ ቢሄድ ደግሞ ካሣ አለበት፤ ግን ካሣው ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ውሌ በሦስቱም ነጥብ ከሕጉ ተቃራኒ ነበር። ስፈርም ኤችአሩን ጠይቄው ነበር። «ይሄ ፎርማሊቲ ነው እህቴ፣ ማንም ላይ ተፈጻሚ አድርገን አናውቅም» አለኝ። ተፈጻሚ የማይሆን ነገር ለምን ይጻፋል? ያን ጊዜም ይሄንኑ አስቤ ነበር። ደመወዙ ግን ከድሮው በእጅጉ ይበልጥ ነበርና ፈረምኩ።

አዲስ ሥራ አገኘሁ። አዲሱ ድርጅት አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሰጠኝ። የ30 ቀን መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በሁለት ኮፒ ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አንብባ ማህተሙን አስቀመጠችው። «እህቴ፣ መልቀቂያ ከሆነ ኤችአር ሳያይ ገቢ አላደርግም» አለች። ኤችአር ወጣሁ። ውሉን ከፋይል አውጥቶ ጣቱን አንቀጹ ላይ አደረገ። «ሦስት ወር ነው የሚለው። ሦስት ወር ብለሽ አስተካክለሽ አምጪ፣ ወዲያው ገቢ ይሆናል።»

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ይህ ትንሽ የቢሮ ጭቅጭቅ ይመስላል። አይደለም። «ሦስት ወር» ብዬ ብጽፍ ሦስት ወሩን በራሴ እጅ፣ በራሴ ፊርማ፣ በአዲስ ደብዳቤ ሰጠኋቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሉ አንቀጽ መከራከር ዋጋ የለውም። ደብዳቤውን ካልተቀበሉኝ ደግሞ 30ው ቀን መቆጠር አይጀምርም ብለው ያስባሉ። እያንዳንዱ ቀን ለእነሱ ትርፍ ነው። «ሥራ አስኪያጁ መስክ ነው፣ ሐሙስ ይገባል» ሲሉኝ፣ ሐሙስ «ስብሰባ ላይ ነው» ሲሉኝ፣ አዲሱ ቤት የቀጠረኝ ቀን እየቀረበ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዝም ብለሽ ቅሪ፣ ምን ያመጣሉ» አለኝ። ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል። አትስሙት። ዝም ብሎ የቀረ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ የቀረ ይባላል፣ ፋይሉም እንደዚያ ይዘጋል። ጠበቃ የሆነው የአክስቴ ልጅ የነገረኝ ሌላ ነው። «ሕጉ ማህተም አይልም» አለኝ። የሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ በእጅ ይሰጣል፣ ወይም ቢሮው እንዲደርስ ይደረጋል። በቃ። የእነሱ ፈቃድ አያስፈልግም። መድረሱን ማስረዳት ነው የኔ ሥራ።

በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ሄጄ ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ላክሁት፤ ደረሰኙን ያዝኩ። እዚያው ቆሜ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ለኤችአሩ፣ ለሥራ አስኪያጁና ለቅርብ አለቃዬ በኢሜይል ላክሁ። ኢሜይሉ ላይ «ዛሬ ለመዝገብ ቤት አቅርቤ ገቢ ለማድረግ ፈቃደኛ ስላልሆናችሁ በፖስታ ልኬያለሁ፣ ማስጠንቀቂያው ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠራል» የምትል መስመር ጨመርኩ። ከድርጅቱ ኢሜይል አይደለም የላክሁት። ከግሌ ነው። የድርጅቱን ኢሜይል እነሱ ናቸው የሚዘጉት።

ከዚያ 30ውን ቀን ሠራሁ። አንድም ቀን ሳልቀር፣ አንድም ቀን ሳላረፍድ። ይህ ትዕቢቴ ነው፤ እኮራበታለሁም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ርክክብ ጠየቅሁ። ተረካቢ አልተመደበም አሉ። በእጄ ያለው የመኪና ቁልፍ፣ ታብሌት፣ የደንበኞች የዱቤ ሰነድና የናሙና ዕቃ ነበር። ጋሽ መጋዘን ጠባቂውንና አንድ የሽያጭ ልጅ ጠርቼ ሁሉንም ቆጠርን። ቃለ ጉባኤ ጽፈን ሦስታችንም ፈረምን። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ የታብሌቱ ሴሪ ቁጥር እየታየ ፎቶ አነሳሁ። ጋሼ መፈረም ፈርተው ነበር። «ልጄ፣ እኔን ደግሞ እንዳያባርሩኝ» አሉ። «ቆጠርኩ ብለው ብቻ ይፈርሙ፣ ተረከብኩ አይበሉ» ስላቸው ፈረሙ። ቁልፉን ኤችአር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የጥሪ ደብዳቤ ለጠፉ። ከሥራ ገበታዬ «ያለ ፈቃድ በመቅረቴ» በአስቸኳይ እንድመለስ የሚል። ፎቶውን የላከልኝ ያው የሽያጭ ልጅ ነው። የመጨረሻ ወር ደመወዜና ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ክፍያ ቀረ። ሕጉ ውል ሲቋረጥ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይፈጸም ይላል። ክሊራንስ ፎርሙ ላይ ፋይናንስ ፈረመ፣ ንብረት ክፍል ፈረመ፣ ኤችአር አልፈረመም። ክሊራንስ ከሌለ የሥራ ልምድ ወረቀት የለም አሉኝ። ይህም ውሸት ነው። የሠራችሁትን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ማስረጃ ስትጠይቁ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ወደሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ባለሙያ ውሌን አገላብጦ «ፈርመሻል አይደል? ውል ሕግ ነው» አለኝ። አዋጁን የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ! አንቀጽ 4ን ጠቀስኩለት። «መጀመሪያ በሰላም ተነጋገሩ፣ ካልሆነ ትመጫለሽ» ብሎ ሸኘኝ። ይሄ «በሰላም ተነጋገሩ» የሚባለው ምክር እንደማር የሚጣፍጥ መርዝ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። እነሱ «እናየዋለን» እያሉ ያስቆጥራሉ። እየተነጋገራችሁ ያለፈውን ጊዜ ማንም አይመልስላችሁም። የኔ የሰኔ ቆጠራ ክፍያ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ክሱ ሲገባ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ስለዚህ ከቢሮው ምክር ተቃራኒ እመክራለሁ። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ክሱን አስገቡ፣ ከዚያ በሰላም ተነጋገሩ።

ክስ ስል አትደንግጡ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የአክስቴ ልጅ ክሱን ጽፎ ሰጠኝ። ማስረጃዬ የፖስታ ደረሰኙ፣ ኢሜይሉ፣ ቃለ ጉባኤውና የቴሌግራም ስክሪንሾቶቹ ነበሩ። የድርጅቱ ጠበቃ መጀመሪያ «የሥራ መሪ ናት» አለ፣ ከዚያ «ሳታስጠነቅቅ ጠፍታለች» አለ። የሪኮማንዴው መረከቢያ ላይ የማን ፊርማ እንዳለ ስናሳይ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፊርማ ነበር። ከእጄ አልቀበልም ያለችውን ደብዳቤ ከፖስተኛው ተቀብላዋለች። በስምምነት ጨረስን። ደመወዜን፣ የፈቃድ ክፍያዬንና ይርጋ ያላገኘውን ትርፍ ሰዓት ከፈሉኝ፤ የሥራ ልምዱንም ጻፉ። ለሦስት ወሩ አንድ ብር አልከፈልኩም።

የውድድር ክልከላውን ያልነገርኳችሁ ሆን ብዬ ነው፤ በፍርድ ቤት አልመጣምና። ውሉ ከለቀቅሁ በኋላ ለሁለት ዓመት «በመላው ኢትዮጵያ በተመሳሳይ ዘርፍ በሚሠራ ማንኛውም ድርጅት» እንዳልቀጠር ይላል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለውን አንቀጽ በሦስት ነገር ነው የሚመዝነው። ለስንት ጊዜ? የት? ምን ዓይነት ሥራ? ሦስቱም ልክ ከሌላቸው እንጀራ መከልከል ነው ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ሽያጭ ነው። ሁለት ዓመት ምን ልሥራ?

ድርጅቱ ግን በዚህ አንቀጽ አልከሰሰኝም። የረቀቀ ነገር ነው ያደረገው። ለአዲሱ አሠሪዬ ደብዳቤ ጻፈ። «ሠራተኛዋ በውል የታሰረች በመሆኗ ለሚደርሰው ጉዳት እርስዎም ተጠያቂ ይሆናሉ» የሚል። አዲሱ ቤት ሕግ ክፍል የለውም። ባለቤቱ ደብዳቤውን አንብበው «ልጄ፣ ይህን ጨርሰሽ ነይ» አሉኝ። ያለ ደመወዝ ቤት ተቀመጥኩ። አንቀጹ በዳኛ ፊት ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ምንም አልረዳኝም። «አይጸናም፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚሉ ሰዎች ይህን አያዩም። የማይጸና አንቀጽም ደብዳቤ ላይ ለመጠቀስ ይበቃል።

አዲሱ ቤት በመጨረሻ ሲቀበለኝ ውሉን ቤት ወስጄ ማየት ጠየቅሁ። «የድርጅቱ የሥራ ደንብ የዚህ ውል አካል ነው» ስለሚል ደንቡንም ጠየቅሁ። ያላነበባችሁት ደንብ ላይ ነው የምትፈርሙት። ደንቡን ለማግኘት ከውሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ኤችአሯ ራሷ የት እንዳለ አታውቅም ነበር። ማስጠንቀቂያው ወደ 30 ቀን ተስተካከለ። «የሥራ መሪ» የሚለው ወጣ። ክልከላው ተጠቦ እኔ ራሴ የያዝኳቸውን በስም የተዘረዘሩ ደንበኞች ለስድስት ወር እንዳላባብል የሚል ሆነ። ይህን በደስታ ፈረምኩ፤ ሰው የሰጣችሁን ደንበኛ ይዞ መሄድ እኔም አልወድም። «ደመወዙ ትርፍ ሰዓትን ያጠቃልላል» የሚለውን ግን አንነካም አሉ። ባለቤቱ «እኛ እኮ ማንንም አናስመሽም» አሉኝ። ፈረምኩ። የመጀመሪያው የቆጠራ መልእክት በቴሌግራም ሲመጣ ስክሪንሾት አደረግሁት፤ በወሩ መጨረሻ የሰዓቱን ሒሳብ ከመልእክቱ ጋር አያይዤ ለፋይናንስ በኢሜይል ላክሁ። አልተከፈለኝም። ሁለተኛውንም ልኬያለሁ፣ ስድስት ወሩ ገና ነው።